አራት ክፍል ብለን ሦስት የሠራንበት ገንዘብ

በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ እናንተ በላካችሁት ገንዘብ የተሠራው ትምህርት ቤት ቆሟል። ከሩቅ ሲታይ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ በሦስቱ ክፍሎች ውስጥም ልጆች ከጥር 2018 ጀምሮ ይማራሉ። ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ግን በሕንፃው ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ግድግዳም ጣሪያም የሌለው፣ ከመሠረቱ ላይ የፌሮ ብረቶች ብቻ ቀጥ ብለው የቆሙበት ባዶ ወለል ያገኛል። ያ ወለል አራተኛው ክፍል ነው። ገንዘቡን ስንሰበስብ አራት የመማሪያ ክፍልና አንድ መጸዳጃ ቤት እንደምንሠራ በጽሑፍ አሳውቀናችሁ ነበር፤ የሠራነው ግን ሦስት ክፍልና መጸዳጃውን ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አራተኛው ክፍል የት እንደሄደ ለመንገር ነው።

እኔ ባህር ዳር ነው የምኖረው። ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ፤ ገንዘቡን የሰበሰበው ኮሚቴ የገንዘቡን አያያዝና የሥራውን ክትትል የሰጠኝም በዚሁ ምክንያት ነው። በግንባታ ሙያ አልሠለጠንኩም። ስለ አፈርና ስለ መሠረት ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ያስተማረኝ ተቆጣጣሪ መሐንዲሳችን ነው፤ የተማርኩትም አብዛኛውን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የገባውን ልናገር። ከእናንተ የተሰበሰበው 63,150 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 2,150 ዶላር በመሰብሰቢያና በባንክ ማስተላለፊያ ክፍያ ሄዶ 61,000 ዶላር ደረሰን። ይህ በሦስት ጊዜ ተመንዝሮ 6 ሚሊዮን 288 ሺህ ብር ሆኗል። የአካባቢው ሰው በጥሬ ገንዘብና በባሕር ዛፍ ሽያጭ ያዋጣው 212 ሺህ ብር ሲጨመርበት በእጃችን የነበረው ጠቅላላ ገንዘብ 6 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ነበር። ገበሬው በጉልበቱና በአህያው ያደረገውን በብር አልተመንኩትም፤ ብተምነው የእኔ ግምት እንጂ ሒሳብ አይሆንም።

ከዚህ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ዛሬ ማንም የማያየው ነገር ነው። ለአፈር ሥራ ብቻ፣ ማለትም ለመቆፈር፣ ለመሙላትና ለመጠቅጠቅ፣ 1 ሚሊዮን 520 ሺህ ብር አውጥተናል። በመጀመሪያው የዋጋ ዝርዝር ለዚህ ሥራ የተያዘው 210 ሺህ ብር ነበር። አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ አሥር ሺህ ብር የሚሆነው ልዩነት አራተኛውን ክፍል ይጨርሰው ነበር።

ስሕተቱ የተጀመረው ከወረቀት ነው። የተጠቀምንበት ንድፍ በሌላ ቦታ ለተሠራ ትምህርት ቤት የተዘጋጀ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ውስጡ 7 በ8 ሜትር፣ ከፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው፣ አራቱም በአንድ መስመር የተሰለፉ። ንድፉ ራሱ ደህና ነበር። ነገር ግን መሠረቱን 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቆፍሮ ድንጋይ እንዲገነባበት የሚያዝ ነበር፤ ይህም ለቀይ አፈር ይበቃል። የፎገራ አፈር ግን ዋልካ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች ከተራራው አጥበው እያመጡ ሜዳው ላይ ያነጠፉት ጥቁር ሸክላ ነው፤ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ በዚያ ሜዳ ላይ የሄደ ሰው ክንዱን እስከ ክርኑ የሚያስገባበት ስንጥቅ ያያል። ለሩዝ ውኃ ይዞ የሚያቆይ ደግ አፈር ነው፤ ለግድግዳ ግን በየዓመቱ የሚነሣና የሚወርድ ወለል ነው። ቀላል ሕንፃ ይበልጥ የሚጎዳበትም ምክንያት አለው፦ ፎቅ የሌለው፣ በብሎኬትና በቆርቆሮ የተሠራ ቤት ያበጠውን አፈር ተጭኖ የሚይዝ ክብደት የለውም።

ይህንን የቀበሌው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም እዚያው አካባቢ ነው የተወለድኩት፤ የድሮው የጭቃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ እስከ ጣሪያው በሰያፍ ተሰንጥቆ የፀሐይ ብርሃን ያስገባ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ያየሁ ሰው የዋጋ ዝርዝሩን ስፈርም «ይህ 80 ሳንቲ ሜትር ለየትኛው አፈር ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈርና አፈሩን ማስመርመር የሚጠይቀው ገንዘብ ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እኛ ግን ያደረግነው ገንዘቡ ከተሰበሰበና ቁጥሩ ለእናንተ ከተነገረ በኋላ ነው። ማድረግ የነበረብን በፊት ነበር።

ሜዳው ደርቆ መኪና መግባት ሲችል፣ በታኅሣሥ 2017፣ መሐንዲሱ ሦስት የሙከራ ጉድጓዶች አስቆፈረ። በሦስቱም ጥቁሩ ዋልካ እስከ 1 ሜትር ከ60 ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ጠንከር ያለ፣ ጠጠር የተቀላቀለበት ቡናማ አፈር ይገኛል። ከጥቁሩ ናሙና ተወስዶ ባህር ዳር ተመረመረ። ምርመራው ለማንም የሚገባ ነው፦ የደረቀውና በደቃቅ ወንፊት የተነፋው አፈር 10 ሚሊ ሊትር ተለክቶ መስመር በተሰመረበት የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ 24 ሰዓትም ይቆያል። በማግሥቱ የእኛ አፈር 22 ሚሊ ሊትር ላይ ደርሶ ነበር። ከእጥፍ በላይ አብጧል ማለት ነው። መሐንዲሱ ሲሊንደሩን እጄ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ቤቱን የምንሠራው በዚህ ላይ ነው» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ቦታ መቀየር አስበን ነበር። ከፍ ያለው መሬት የገበሬዎች ይዞታ ነው፤ ቀበሌው ለትምህርት ቤት የከለለው ይህንኑ ብቻ ነበር። ስለዚህ የቀረው መንገድ ዋልካውን ከሕንፃው ሥር ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ውኃ ሲነካው የማያብጥ ገረጋንቲ መተካት ሆነ። ከሕንፃው ዙሪያ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ሜትር ጨምረን 35 በ11 ሜትር የሆነ ቦታ እስከ 1 ሜትር ከ60 ድረስ ቆፈርን። ከዚያም ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ጎርፉ እስከ የት ይደርሳል? ይህን ከወረቀት ማግኘት አልተቻለም። አንድ አረጋዊ የቀበሌው ሰው ወደ አንድ ዋርካ ወስደው ግንዱ ላይ ያለ ጠባሳ አሳዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ውኃው ከዚህ ሲያልፍ አላየሁም» አሉኝ። ከዚያ ምልክት ተነሥተን በሌቭል ለካን፤ ወለሉ ከሜዳው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ከምልክቱ በላይ እንደሚሆን አረጋገጥን። በዚህ መሠረት የሚሞላው መጠን ተጠቅጥቆ 847 ሜትር ኩብ፣ ከመጠቅጠቁ በፊት ደግሞ ከ1,050 ሜትር ኩብ በላይ ሆነ። ይህም በሲኖትራክ 67 ምልልስ ነው። አንዱ ምልልስ ከነገረጋንቲው 14 ሺህ ብር ወጣበት፤ ለዚህ ብቻ 938 ሺህ ብር ከፈልን። ቁፋሮውና የተቆፈረውን ማራቁ 300 ሺህ፣ መጠቅጠቁ 186 ሺህ ብር ፈጀ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የደመረ አንባቢ 1 ሚሊዮን 424 ሺህ ያገኛል፤ ከላይ ከጠቀስኩት ጋር 96 ሺህ ብር ይጎድለዋል። ያ 96 ሺህ ብር የጠፋው በእኔ ፊርማ ነው።

ገረጋንቲ ተገልብጦ በላዩ ላይ ቤት አይሠራበትም። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይነጠፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሮለር ደጋግሞ ይሄድበታል፣ ከዚያ ቀጣዩ ንብርብር ይነጠፋል። ንብርብሩ ከዚህ ከወፈረ የሮለሩ ጉልበት ታች አይደርስም፤ ላዩ እንደ አስፋልት ጠንክሮ ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል። ልሉ ነገር በኋላ በሕንፃው ክብደትና በሚሰርገው ውኃ ሲሰጥም ግድግዳው ይሰነጠቃል። ያን ያህል ገንዘብ ዋልካን ለመሸሽ አውጥቶ በራስ አፈር መሰንጠቅ ማለት ነው።

በየካቲት 2017 መንገድ ተዘግቶ እኔም መሐንዲሱም ለአራት ቀን ከባህር ዳር መውጣት አልቻልንም። ገረጋንቲው የሚመጣው ከወዲያኛው አቅጣጫ ስለነበረ ሥራው አልቆመም። ተቋራጩ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፦ ሜዳ የመሰለ፣ የሮለር አሻራ ያረፈበት ወለል። ከፎቶው ጋር የክፍያ ሰርተፍኬቱ መጣ። ለቀን ሠራተኞቹ ደመወዝ አስቸኳይ ነው ተባልኩ። መሐንዲሱ ሳያይ መፈረም እንደሌለብኝ አውቅ ነበር፤ ፈረምኩ።

በሳምንቱ መጨረሻ ደረሰኞቹን ወደ መዝገብ ስገለብጥ ቁጥሮቹ አልገጥም አሉኝ። የጥበቃው ደብተር በእነዚያ አራት ቀናት 19 ሲኖትራክ መግባቱን ይዟል። አንዱ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ነው፤ 19ኙ ሲጠቀጠቅ በዚያ ቦታ ላይ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ ሦስት ንብርብር ነው፤ ሦስት ጊዜ ውኃ፣ ሦስት ጊዜ ሮለር ማለት ነው። ለሮለሩ የተቀዳው ናፍጣ ግን ከግማሽ ቀን ሥራ የማያልፍ ነበር። የውኃ ቦቴውም የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገረጋንቲው ሁሉ በአንድ ላይ ተነጥፎ፣ ላዩ ብቻ ረጥቦ፣ ላዩ ብቻ ተጠቅጥቋል ማለት ነው።

መንገዱ እንደተከፈተ መሐንዲሱን ይዤ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ላዩን ጥቂት ጫር አደረጉና እርሱ አንድ ቀጭን ፌሮ በእጁ ብቻ ወደ ታች ገፋው፤ የላዩን ቅርፊት ካለፈ በኋላ ያለምንም ትግል አንድ ክንድ ያህል ገባ። ከዚያ በሥርዓቱ ተለካ። ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ የወጣው አፈር ተመዘነ፣ ጉድጓዱም ክብደቱ በታወቀ ደረቅ አሸዋ ተሞልቶ ይዘቱ ታወቀ። ከአፈሩ ላይ እርጥበቱ ተቀንሶ ሲሰላ የተገኘው ጥቅጥቀት 87 በመቶ ነበር። ውላችን የሚጠይቀው 95 በመቶ ነው።

ሦስቱም ንብርብር ተነሥተው እንደገና ተነጥፈው፣ አንድ በአንድ እየረጠቡና እየተለኩ ተጠቀጠቁ። ይህ 192 ሺህ ብር ፈጀ። ተቋራጩ ሙሉውን መክፈል ነበረበት ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያልኩት። እርሱ ግን እኔ የፈረምኩበትን ሰርተፍኬት አወጣ። ሥራው ተመርምሮ ተቀባይነት እንዳገኘ የሚገልጽ ወረቀት ነው፣ ስሜም አለበት። ወደ ክርክር ብንገባ ክረምቱ ይቀድመናል፤ ያልተሸፈነ ሙሊት ላይ ዝናብ ከጣለበት ደግሞ ጉዳቱ ከዚያ ይበልጣል። በሽማግሌ ተቀምጠን እኩል ተካፈልን። ከእናንተ ገንዘብ 96 ሺህ ብር በዚህ ምክንያት ወጥቷል፤ ፎቶ አይቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ ቦታው ላይ ቆሞ ያልፈረመበትን፣ የናፍጣና የውኃ ደረሰኝ ያልተያያዘበትን አንድም ክፍያ አላሳለፍኩም።

ሁለተኛው ለእናንተ ልገልጸው የሚገባኝ ነገር ምንዛሪው ነው፤ ብዙዎቻችሁ በስልክ የጠየቃችሁኝም ይህንኑ ነው። በግንቦት 2016 ከ61,000 ዶላር ላይ 20,000ውን በ57 ብር መንዝረን 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር አገኘን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። የቀረውን ስንመነዝር፣ በታኅሣሥ 2017 25,000ውን በ124 ብር፣ በመጋቢት ደግሞ 16,000ውን በ128 ብር ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው 20,000 ዶላር እስከ ታኅሣሥ ቢቆይ ኖሮ 1 ሚሊዮን 340 ሺህ ብር ይጨምር ነበር፤ ይህን ማንም በቀላሉ አስልቶ ሊወቅሰን ይችላል።

ወቀሳው ግማሹ ትክክል ነው። ከተመነዘረው ውስጥ በ690 ሺህ ብር ወዲያውኑ ፌሮና ቆርቆሮ ገዝተን ባህር ዳር መጋዘን አስገባን። ብረት በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አይበላሽም፣ ዋጋውም ከብሩ ጋር ከፍ ብሏል፤ በዚህ የከሰርን አይመስለኝም። ሲሚንቶ ያልገዛነው እርጥበት ስቦ ስለሚጠጥርና ከጥቂት ወራት በኋላ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ነው። የቀረው 450 ሺህ ብር ግን ሥራው «በቅርቡ ይጀመራል» ተብሎ በባንክ ተቀመጠ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሥራው የተጀመረው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ያ 450 ሺህ ብር ሳይመነዘር በፊት 7,890 ዶላር ያህል ነበር፤ በታኅሣሥ ቢመነዘር 979 ሺህ ብር ገደማ በሆነ። ልዩነቱ 529 ሺህ ብር ነው። ተመኑ እንደሚለቀቅ ማወቅ አንችልም ነበር። ለሥራ ያልተፈለገ ገንዘብ መመንዘር እንደሌለበት ግን ማወቅ ነበረብን፤ ይህ ትንቢት አይጠይቅም። የመመንዘሩን ውሳኔ የሰጠው ኮሚቴው ነው፣ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ሌላው ወጪ ከዚህ ያነሰ ማብራሪያ ይበቃዋል። የድንጋይ መሠረቱ፣ መሠረቱን ከላይ የሚያስረው የኮንክሪት ግሬድ ቢምና ወለሉ 1 ሚሊዮን 365 ሺህ ብር ፈጅቷል፤ መሠረቱና ግሬድ ቢሙ ለአራቱም ክፍል የተሠራ ነው። የሦስቱ ክፍሎች ዓምድ፣ የብሎኬት ግድግዳና የላይኛው ማሰሪያ ቢም 1 ሚሊዮን 180 ሺህ፣ ጣሪያው 865 ሺህ፣ በርና መስኮት፣ ልስን፣ ቀለምና ጥቁር ሰሌዳ 640 ሺህ ብር ነው። መጸዳጃው 395 ሺህ ብር ወስዷል፤ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ስለሆነ ጉድጓዱን ወደ ታች ከመቆፈር ይልቅ በድንጋይ ወደ ላይ ከፍ አድርገን ነው የገነባነው። 54 የተማሪ ዴስክ 243 ሺህ ብር ተገዝቷል። ለአፈር ምርመራ፣ ለመጓጓዣና ለመሐንዲሱ አበል 88 ሺህ ብር ወጥቷል። ለእኔም ሆነ ለኮሚቴው አባላት የተከፈለ ገንዘብ የለም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው 148 ሺህ ብር ነው። ይህ ድንጋይና አሸዋ ከገበሬዎች የተገዛበት ነው፤ ገበሬ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ አይቆርጥም። ለእያንዳንዱ ግዢ የሻጩ ስምና ፊርማ፣ ፊርማ ለማይችለው የጣት አሻራ፣ ከሦስት ምስክር ጋር ተይዟል። ወረቀቱ አለ፤ የኦዲተር ደረጃ ያለው ማስረጃ ነው ብዬ ግን አልከራከርም።

ገንዘቡ እንደማይደርስ ሲታወቅ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ «አራቱንም ክፍል እናቁም፤ ልስኑንና ወለሉን በኋላ ሌላ ገንዘብ ስናገኝ እንጨርሰዋለን» አለ። ለፎቶ ይህ የተሻለ ነበር፤ አራት ቃል ገብተን አራት ማሳየት እንችል ነበር። እኔና መሐንዲሱ የተቃወምነው በአንድ ምክንያት ነው። በዚያ አካባቢ ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ ኖሮት ዓመታት የሚቆጠርበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ ልጆች አቧራ ላይ ድንጋይ አስቀምጠው ይማሩበታል፣ «በኋላ» የተባለውም አይመጣም። ከዚያ ይልቅ ሦስቱን እስከ ዴስኩ ጨርሰን አራተኛውን መሠረቱ ላይ አቆምነው። የአራተኛው ክፍል የዓምድ ብረቶች እንዳይዝጉ የሲሚንቶ ወተት ተቀብተው በላስቲክ ተጠቅልለዋል፤ ሥራው ሲቀጥል ተፈትጎ የሚለቅ ሽፋን ነው።

ለባሕር ዛፎቹም አንድ ቃል ይገባቸዋል። በግቢው ጠርዝ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ገቢ ብለው የተከሏቸው 14 ባሕር ዛፎች ነበሩ። መሐንዲሱ ይቆረጡ አለ፦ የዛፎቹ ሥር ከሩቅ ውኃ እየሳበ በአንድ በኩል ያለውን ዋልካ ስለሚያደርቀው መሬቱ በዚያ ወገን ይወርዳል። ወላጆቹን ሰብስበን ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት እናት «ለልጆቹ ነው የተከልናቸው፤ ለልጆቹ ይቆረጡ» አሉ። ያዋጡት 212 ሺህ ብር ውስጥ የእነዚያ ዛፎች ዋጋ አለበት።

አሁን ሕንፃው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2017 ክረምት ጎርፉ ግቢውን ሞልቶ ወለላችን ሳይደርስ ቆመ። ከክረምቱ በፊት በየዓምዱ ላይ ምልክት አድርገን ነበር፤ በጥቅምት ተመልሰን በሌቭል ስንለካ በዓምዶቹ መካከል የተገኘው ትልቁ ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር ነው። መሐንዲሱ በዚህ ደስተኛ ነው። በግድግዳው ላይ ስንጥቅ የለም።

ስንጥቅ ያለው መወጣጫው ላይ ነው። በዊልቼር ለሚመጣ ልጅ ብለን ከበረንዳው ወደ ግቢው የሠራነው ዝቅዝቅ መወጣጫ ነው። ይህ መወጣጫ ገረጋንቲ ከሞላንበት ቦታ ውጭ፣ በቀጥታ ዋልካው ላይ ነው የተቀመጠው፤ ንድፉ ላይ ያልነበረና በኋላ የጨመርነው ስለሆነ ማናችንም ሥሩን አላሰብንም። በክረምቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ተነሥቶ ከበረንዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ ተሰንጥቋል። ያንን ሁሉ ገንዘብ ከሕንፃው ሥር ባናወጣ ግድግዳው ላይ የምናየው ይህንኑ ነበር። ማስተካከያው፣ ሥሩን ቆፍሮ ገረጋንቲ መሙላትን ጨምሮ፣ 38 ሺህ ብር ይጠይቃል።

በባንክ ዛሬ ያለው 490,050 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 286,050 ብር የእኛ አይደለም፤ ከተቋራጩ ክፍያ አምስት በመቶ የተያዘ ሪቴንሽን ነው። ጉድለት ካልተገኘ በጥር 2019 ይመለስለታል። የመያዣው ጊዜ አንድ ሙሉ ዓመት እንዲሆን የጠየቅነው ሕንፃው ወለሉን ጨምሮ ተጠናቆ አንድ ክረምት እንዲያልፍበት ነው፤ በዋልካ አገር በበጋ ተረክቦ በበጋ መያዣ መልቀቅ ምንም አያረጋግጥም። ስለዚህ በእርግጥ የቀረን 204 ሺህ ብር ነው። የመወጣጫው ማስተካከያ ከእርሱ ሲነሣ 166 ሺህ ብር ይሆናል።

አራተኛውን ክፍል ለመጨረስ በዛሬ ዋጋ የተሰጠን ግምት 940 ሺህ ብር ነው። ብዙዎቻችሁ «እንጨምር» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል፤ አመሰግናለሁ። የኮሚቴው ውሳኔ ግን እስከ መጪው ጥቅምት አዲስ ገንዘብ ላለመቀበል ነው። በአንድ ክረምት የታየው 4 ሚሊ ሜትር በሁለተኛው ክረምት የት እንደሚደርስ ሳናውቅ በዚያው መሠረት ላይ ተጨማሪ ክፍል ማቆም የመጀመሪያውን ስሕተት መድገም ነው። የዶላሩም ጉዳይ አለ፤ ሥራ ሳይኖር ገንዘብ አንሰበስብም፣ አንመነዝርምም።

እስከዚያው በስድስት ቦታ ላይ፣ በመስኮት ማዕዘኖችና በክፍሎቹ መገናኛ፣ ስስ የጂፕሰም ልጥፎች ተለጥፈው ቀን ተጽፎባቸዋል። ጂፕሰም አይለጠጥም፤ ግድግዳው በጥቂቱ ቢንቀሳቀስ ልጥፉ ይሰነጠቃል። የሳይንስ መምህሩ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እየዞሩ ያዩዋቸዋል፤ ከስምንተኛ ክፍል ሁለት ተማሪዎች አብረዋቸው እየሄዱ በደብተር ይመዘግባሉ። የጥርና የየካቲት ገጾች ደርሰውኛል። በሁለቱም ላይ በስድስቱም ረድፍ «ደህና» የሚል ተጽፏል፤ በሰባተኛው ረድፍ ደግሞ መወጣጫውን ራሳቸው ጨምረው የስንጥቁን ስፋት በማስመሪያ ለክተው 9 ሚሊ ሜትር ብለውታል።